የአጎቴ ጤፍ እና የብሔራዊ ባንክ 15 ከመቶ

ሐምሌ 2016 ላይ ነው። ዝናቡ ሌት ተቀን የሚወርድበት ሰሞን። አጎቴ ከፍኖተ ሰላም ደወሉልኝ። እህል ነጋዴ ናቸው፣ ጤፍና በቆሎ። ሰላምታ እንኳ በቅጡ ሳንጨርስ ወደ ጉዳያቸው ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ ብሔራዊ ባንክ ወለዱን 15 አድርጎታል ሲል ሬዲዮ ሰማሁ። እኔ 20 ነው የምከፍል። አምስቱን ማን ነው የሚበላው?»

ሳቄ መጣ። ግን ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። እኔ ባንክ ቤት፣ ብድር ክፍል ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን ባሕር ዳር ሌላ ሥራ ላይ ነኝ። በዚያ አምስት ዓመት ውስጥ ይህን ጥያቄ በዚህ አጭር መንገድ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም። «ቆይ አያ፣ ጊዜ ሲኖረኝ በደንብ አስረዳዎታለሁ» አልኳቸውና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ፍኖተ ሰላም በሄድኩ ቁጥር ስለዚሁ ነው የምንጨቃጨቀው። እውነቱን ለመናገር ከጭቅጭቁ ብዙ የተማርኩት እኔ ነኝ። ወለድ ሲወጣ ዋጋ ይወርዳል እያልኩ ስደጋግም የኖርኩት ነገር፣ በጤፍ ሲታይ ግማሹ ብቻ እውነት ሆኖ ተገኘ።

መጀመሪያ ያን 15 እንየው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2 ቀን 2016 ነው አዲሱን አሠራር ያወጀው። ከዚያ በፊት የአገራችን ማዕከላዊ ባንክ የገንዘቡን መጠን ነበር ለመቆጣጠር የሚሞክረው፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዋናው መሣሪያ ወለድ ይሁን ተባለ። 15 ከመቶ ማለት ብሔራዊ ባንክ ከባንኮች ጋር ሲገበያይ የሚነሳበት ዋጋ ነው። ለአጎቴ አያበድርም። ለኔም አያበድርም። ደንበኞቹ ባንኮች ናቸው።

አሠራሩ ሲታይ ብዙም አይከብድም። በየሁለት ሳምንቱ ጨረታ ይወጣል፤ ትርፍ ገንዘብ የተከማቸበት ባንክ በዚያ ጨረታ ገንዘቡን ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ያስቀምጣል፣ ወለድም ያገኛል። ከጨረታው ውጭ ደግሞ ሁለት በሮች አሉ። አንድ ባንክ ማታ ሒሳቡን ሲዘጋ የተረፈውን ገንዘብ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ቢያሳድር 12 ከመቶ ይታሰብለታል። ጎደለብኝ ብሎ ለአንዲት ሌሊት ቢበደር 18 ይከፍላል። ስለዚህ ባንኮች እርስ በርሳቸው ሲበዳደሩ ከ12 በታች ማበደር ሞኝነት ነው፣ ከ18 በላይ መበደርም እንደዚያው። ወለዱ በእነዚህ ሁለት ግድግዳዎች መካከል ይወዛወዛል፣ 15 መሐል ላይ ነው።

አሁን ራስዎን በባንኩ ሥራ አስኪያጅ ቦታ አስቀምጡ። ገንዘብዎን ምንም ሳይሠሩ፣ ማንንም ሳያሳድዱ፣ ፍርድ ቤት ሳይሄዱ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ አስቀምጠው 15 አካባቢ ካገኙ፣ ለአንድ እህል ነጋዴ በ15 የሚያበድሩበት ምን ምክንያት አለ? ነጋዴው ሊከስር ይችላል። መኪናው ሊገለበጥ ይችላል። መያዣ ያደረገው ቤት በሐራጅ ሲሸጥ ገዢ ሊጠፋ ይችላል። የቅርንጫፍ ኪራይ አለ፣ ደመወዝ አለ፣ ሳይሠራበት የሚቀመጥ የግዴታ ተቀማጭ አለ። ይሄ ሁሉ ሲደመር ነው 20 የሚመጣው። የአጎቴ አምስት ከመቶ የሚበላው እዚህ ነው፤ ጥቂቱ ለስጋቱ፣ ጥቂቱ ለወጪው፣ ጥቂቱ ለትርፍ። ትርፉ በዛ ወይ ቢሉኝ፣ በዛ ባይ ነኝ፤ ግን ያ ሌላ ጽሑፍ ነው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ ከታች ያለው 15 ሲወጣ ከላይ ያለው 20ም ይወጣል፣ ሲወርድም ቀስ እያለ ይወርዳል። (ሲወጣ ነው የሚፈጥነው። ብድር ክፍል የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ወለድ ሲጨምር ደብዳቤው በሳምንቱ ለደንበኛው ይደርሳል፣ ሲቀንስ ደንበኛው ራሱ መጥቶ ካልጠየቀ ዝም ነው።)

እንግዲህ ወደ ጤፉ።

አጎቴ በየዓመቱ የሚያደርጉት አንድ ነው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ገበሬው ወቅቶ ጤፉን ገበያ ያወጣል። ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው። ሁሉም በአንድ ሰሞን ስለሚሸጥ ዋጋው ዝቅ ይላል። አጎቴ ያኔ ይገዛሉ፣ መጋዘን ያስገባሉ፣ ክረምት ሲገባና ጤፍ ሲወደድ ያወጣሉ። ጤፍ ለዚህ የተፈጠረ እህል ነው፤ በቆሎን ነቀዝ ይጨርሰዋል፣ ጤፍን ግን ነቀዝ አይደፍረውም፣ ዝናብ ካላገኘው ዓመት ቢቆይ አይበላሽም። የአጎቴ ትርፍ የጥርና የሐምሌ ዋጋ ልዩነት ነው። ገንዘቡ ግን የራሳቸው ብቻ አይደለም። አብዛኛው የባንክ ነው፣ ኦቨርድራፍት የሚሉት፣ ሒሳባቸው ላይ ካለው በላይ እስከ ተፈቀደላቸው ድረስ የሚያወጡት ብድር።

ሒሳቡን አንድ ቀን ቡና እየጠጣን በደብተራቸው ጀርባ ላይ ሠራነው። እንዲቀልልን ብለን ቁጥሩን አስተካክለናል። ጥር ላይ 200 ኩንታል በ10,000 ብር ገዙ እንበል። ሁለት ሚሊዮን ብር፣ ሁሉም ብድር። እስከ ሐምሌ ስድስት ወር ያቆዩታል። ለመጋዘን፣ ለዘበኛ፣ ለማውረድና ለመጫን በኩንታል 150 ብር ያወጣሉ።

ወለዱ 14 ከመቶ ቢሆን የስድስት ወሩ 140,000 ብር ነው። ለአንድ ኩንታል 700 ብር። ከ150ው ጋር 850። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ከ10,850 በላይ ከሸጡ አተረፉ።

ወለዱ 20 ቢሆን የስድስት ወሩ 200,000 ብር ይሆናል። ለኩንታል 1,000 ብር። ከ150ው ጋር 1,150። አሁን 11,150 ካልተሸጠ ኪሳራ ነው።

አጎቴ በልምድ «ሐምሌ ላይ 11,000 ይገባል» ብለው ቢገምቱስ? በ14ቱ ወለድ ከኩንታል 150 ብር፣ በጠቅላላው 30,000 ብር ያተርፋሉ። በ20ው ደግሞ ልክ ያንኑ 30,000 ይከስራሉ። ያው ጤፍ፣ ያው መጋዘን፣ ያው ሰው። የተለወጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፣ እሱንም አዲስ አበባ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው የነኩት።

ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ጥር ላይ የሚገዙትን ይቀንሳሉ፣ ወይም ዋጋ ሰብረው ካልሆነ አይገዙም። ሁለተኛ፣ የገዙትን እስከ ሐምሌ አያቆዩም፤ ሚያዝያ ላይ ያወጡታል። እንደ አጎቴ ያለው ነጋዴ ሁሉ ከደጀን እስከ ዳንግላ እንዲህ ሲያደርግ ገበያ ላይ ቶሎ ጤፍ ይበዛል፣ ዋጋውም ይረጋጋል። ሬዲዮ ላይ «ወለድ ሲጨምር ዋጋ ይረጋጋል» የሚባለው በጤፍ ሲተረጎም አንዱ ትርጉሙ ይሄ ነው።

እስከዚህ ድረስ ተስማማን። ከዚያ አጎቴ ቡናቸውን አስቀመጡና እንዲህ አሉኝ፦ «እሺ፣ ሚያዝያ ላይ ሸጥነው። ሐምሌ ላይ ሰው ምን ሊበላ ነው?»

ይህን ባንክ ቤት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ትክክል ናቸው። መጋዘን ውስጥ ያለው ጤፍ ከጥር ወደ ሐምሌ የሚሻገር ምግብ ነው። ማሻገሪያው ዋጋ አለው፣ ትልቁ ዋጋው ደግሞ ወለድ ነው። ማሻገሪያው ሲወደድ የሚሻገረው ያንሳል። ስለዚህ ጥር ላይ ጤፍ ይረክሳል፣ ሐምሌ ላይ ይወደዳል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል፣ ነጋዴውን ለማቆየት የሚያበቃው ያህል እስኪሆን ድረስ። በ14 ከመቶ ወለድ ልዩነቱ 850 ብር ከሆነ ይበቃል። በ20 ግን 1,150 ካልሆነ የሚያቆይ የለም።

ጥር ላይ ሲረክስ ማን ይጎዳል? የሚሸጠው። ጥር ላይ የሚሸጠው ደግሞ ዕዳ ያለበት ድሃ ገበሬ ነው። ሀብታሙ ገበሬ ጎተራ አለው፣ ራሱ እስከ ክረምት ያቆየዋል። ክረምት ላይ ሲወደድስ? የሚገዛው ይጎዳል፤ ከገዢዎቹ መሐል ደግሞ ጥር ላይ አብዝቶ የሸጠው ያው ገበሬ ይኖርበታል፣ ቤቱ ያለው ሲያልቅበት ለቀለብ ሊሸምት ሲመጣ። በእኛ አገር ነሐሴ ላይ ገበያ ወጥቶ እህል የሚገዛ ገበሬ ማየት ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ ወለድ በጤፍ ላይ ምን ያደርጋል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካለ፣ መቼ ብዬ ነው መልሼ የምጠይቀው። የዓመቱን አጠቃላይ የዋጋ ሩጫ ሊያበርደው ይችላል። የዓመቱን ውስጥ ውጣ ውረድ ግን ያባብሰዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ይኖራሉ፣ አይጋጩም።

አጠቃላዩን ሩጫ እንዴት ያበርደዋል? እዚህ ላይ ከጤፍ ወጣ ማለት ያስፈልጋል። የአክስቴ ልጅ ባጃጅ ሊገዛ 600,000 ብር ለሦስት ዓመት መበደር ፈልጎ ነበር። በ14 ከመቶ ወርኃዊ ክፍያው ወደ 20,500 ብር ይመጣል፣ በ20 ደግሞ ወደ 22,300። ልዩነቱ 1,800 ገደማ። ብዙ አይመስልም። ባጃጁ ግን ነዳጅና ጎማውን ችሎ በወር የሚያስገባው 21,500 ቢሆን፣ በመጀመሪያው ይገዛዋል፣ በሁለተኛው ይተወዋል። እሱ ሲተወው ባጃጅ ሻጩ አንድ ደንበኛ አጣ። ሻጩ ሊጀምረው የነበረውን ሁለተኛ ፎቅ ለከርሞ አለው። ግንበኛው ሥራ አጣ፣ ሲሚንቶና ብረት ሻጩ ዋጋ ለመጨመር ፈራ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነው የሚሄደው። ማንም ዋጋ ቀንስ አላለም። ገዢ ስለቀነሰ ብቻ መጨመር ያስፈራል። ይህ ደግሞ ወራት ይወስዳል፣ ብዙ ጊዜ ከዓመት በላይም። ዛሬ ወለድ ተነክቶ ነገ ሽንኩርት እንዲረክስ የሚጠብቅ ሰው ካለ ብዙ ይጠብቃል።

አሜሪካኖች በ1981 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የማዕከላዊ ባንካቸውን ወለድ ወደ 20 ከመቶ አድርሰውት ነበር። የባንኩ ሊቀ መንበር ፖል ቮልከር ነበር። ቤት ሠሪዎች ሥራ ሲቆምባቸው ለቮልከር የግንባታ እንጨት ቆርጠው በፖስታ ይልኩለት ጀመር፤ እንካ፣ እኛ አላስፈለገንም ለማለት። ገበሬዎችም ትራክተራቸውን እየነዱ የባንኩ በር ድረስ ሄደዋል። በ1980 ከ14 በላይ ደርሶ የነበረው የዋጋ ግሽበት በ1983 ከ4 በታች ወረደ። ይህን ለአጎቴ ነገርኳቸው። «ትራክተሩን ማን ሰጣቸው?» አሉኝ። በዱቤ የገዙት ነበር፣ ለዚያ ነው የተናደዱት፣ ስላቸው በጣም ሳቁ።

አሁን ሰው የሚስተው ነገር ላይ ልምጣ። 20 ከመቶ ወለድ ውድ ነው ወይስ ርካሽ? ብቻውን አይታወቅም። የሚታወቀው ከግሽበቱ ጋር ሲቆም ነው። ግንቦት 2014 ላይ የአገራችን የዋጋ ግሽበት 37 ከመቶ ደርሶ ነበር። ከዚያ ወዲያም ለረጅም ጊዜ በ30 አካባቢ ነበር የሚዋልለው። የአጎቴን ሒሳብ በዚያ ጊዜ እንሥራው። ዋጋ በዓመት 30 ከመቶ የሚጨምር ከሆነ በስድስት ወር 14 ከመቶ ያህል ነው። ያ 10,000 ብር ያለው ጤፍ ምንም የተለየ ነገር ሳይፈጠር ሐምሌ ላይ 11,400 ይሆናል። ወለዱና ወጪው፣ በ20 እንኳ ቢታሰብ፣ 1,150 ነው። ከኩንታል 250 ብር ትርፍ። ለምን? ለመቀመጥ!

በዚያ ዘመን የተበደረ ሁሉ አተረፈ። ጤፍ ያከማቸ አተረፈ፣ ቆርቆሮ ያከማቸ አተረፈ፣ መሬት ይዞ ያጠረ አተረፈ። ያኔ ቴሌቪዥኑ «ስግብግብ ነጋዴዎች» እያለ ይወቅስ ነበር፣ መጋዘን ይታሸግ ነበር። እኔ ግን ብድር ክፍል ቁጭ ብዬ ሳየው፣ ሒሳብ የሚችል ሰው ሌላ ምን እንዲያደርግ ነው የሚጠበቀው እል ነበር። ብሩን የያዘ ይቀልጥበታል፣ እህሉን የያዘ ያድግለታል።

ብሩን ይዛ የቀለጠባት እናቴ ናት። ጥቅምት 2010 ላይ የቁጠባ ዝቅተኛው ወለድ 7 ከመቶ ሆነ። እናቴ 100,000 ብር ባንክ አስቀምጣ ነበር፣ የጡረታ ቅሪት። በዓመቱ 107,000 ሆነ። ደስ አላት፣ እኔም አላስረዳኋትም። ግን ዓምና በ100,000 ብር የሚገዛው ዕቃ 130,000 ገብቷል። የእናቴ 107,000 ብር በዓምናው ዋጋ 82,000 ብር ገደማ ብቻ ነው የሚገዛው። ማንም ሳይሰርቃት 18,000 ብር ጠፋባት። ለማን ሄደ? በዝቅተኛ ወለድ ለተበደሩት። አጎቴም ከነሱ አንዱ ናቸው፣ ወንድሟ! ይህን ስነግራቸው ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ። የትንሣኤ ለት ለእናቴ በግ ገዝተው መጡ። እሳቸው ከዚያ ጋር ግንኙነት የለውም ይላሉ።

ስለዚህ 15 ከመቶ ሲታወጅ ግሽበቱ ገና ወደ 20 ገደማ ነበር። ከግሽበቱ በታች ያለ ወለድ ነበር ማለት ነው፣ ኮስተር ያለ ቢመስልም። ከዚያ በኋላ ወለዱ 15 ላይ ቆሞ ሳለ ግሽበቱ እየወረደ በ2017 መጨረሻ ወደ 14 ገደማ ደረሰ። እዚህ ላይ ነው ትልቁ ለውጥ፤ ወለዱ ሳይነካ ብድሩ በእውነት ተወደደ። አጎቴ «ወለድ አልጨመረም እኮ፣ ለምን ከበደኝ?» ያሉኝ ለዚህ ነው። የጤፉ ዋጋ እንደ ድሮው ስላልሮጠላቸው ነው። ወለዱ ቆሞ ይጠብቃል፣ ግሽበቱ ከሥሩ ሲወርድ ክብደቱ ይታወቃል።

ግሽበቱን ያወረደው 15ቱ ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም፣ ቢያንስ ብቻውን አይደለም። ከሱ ይልቅ ያን ጊዜ ብድር ክፍል የነበረ ሰው የሚያስታውሰው ሌላ ነገር አለ። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ፣ ባንኮች ጠቅላላ ብድራቸውን በዓመት ከ14 ከመቶ በላይ ማሳደግ አይችሉም ብሎ ጣሪያ አበጀ። መንግሥት በቀጥታ ከብሔራዊ ባንክ የሚወስደውንም ብድር አብሮ ገደበ። ጣሪያው ወለድ አይደለም። ወለድ ቢሆን «ውድ ነው፣ ግን ከፈለግህ ውሰድ» ይልሃል። ጣሪያ «አልቋል» ነው የሚልህ።

ትዝ ይለኛል፣ በዚያው ሰሞን ጠረጴዛዬ ላይ ፋይል ተቆልሎ ነበር። መያዣው የተገመተ፣ ፊርማው ያለቀ፣ ሁሉ ነገሩ የተሟላ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የሚመጣው መልስ አንድ ነበር፣ «ይጠበቅ»። ደንበኛው ይመጣል፣ «በ22ም ቢሆን እወስዳለሁ» ይላል። ምን ብዬ ልመልስለት? በ25ም ቢል አይሆንም። ወለድ ገንዘቡን ካላከፋፈለው ሌላ ነገር ያከፋፍለዋል፤ ትውውቅ፣ ወረፋ፣ አንዳንዴም የማይነገር ነገር። የኔን ቅርንጫፍ ጨምሮ። ከዚያ ሥራ የወጣሁበት አንዱ ምክንያትም እሱ ነው፣ ልተወው።

ባንክ ያጣ ሰው የት ይሄዳል? አራጣ አበዳሪ ጋ። በሕግ የተከለከለ ነው፣ ግን በየከተማው ማን እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። በወር 10 ከመቶ ብሎ ለሰጠ ሰው በዓመት 120 ነው፣ ወለድ በወለድ ሳይታሰብ። ከዚያ ጎን ሲታይ 15ም 20ም ልዩነቱ አይታይም። ስለዚህ የብሔራዊ ባንክ ወለድ እስከ ምን ድረስ ይደርሳል ለሚለው፣ እስከ ባንኩ ደጃፍ ድረስ ነው መልሱ። ከደጃፉ ማዶ ያለው ሰው ሌላ ዓለም ውስጥ ነው የሚኖረው። ቁጠባው በሬ ነው፣ ኢንሹራንሱ እድር ነው፣ ብድሩ እቁብ ወይ አራጣ። በሬው ወለድ የሚከፍለው ጥጃ ሲሆን፣ የጥጃውን ተመን ኮሚቴ አይወስነውም። (በሬ ጥጃ አይወልድም ብላችሁ እንዳትጽፉልኝ፣ ላሟን ነው ያልኩት።)

ጣሪያው ኋላ ላይ ላላ፤ ታኅሣሥ 2017 ላይ ወደ 18 ከመቶ ከፍ አለ፣ ከዚያም ለ2018 ወደ 24። ጣሪያው ከፍ እያለ በሄደ ቁጥር 15ቱ ቁጥር እውነተኛ ሥራ ይጀምራል ብዬ ነው የማስበው። ጣሪያ ባለበት ቤት ወለድ ጌጥ ነው።

ሌላም አለ፣ ወለድ ጨርሶ የማይደርስበት። የ15ቱ አዋጅ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ተባለ። ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ገባ። ማዳበሪያ ከውጭ ነው የሚመጣው። ጤፍ ያለ ማዳበሪያ ጎጃም ላይ ምን ያህል እንደሚሰጥ አያቴ ቢኖሩ ይነግሯችሁ ነበር። የማዳበሪያውን መወደድ የወለድ ተመን አያወርደውም። ዝናብ ዘግይቶ ሲገባም አያወርድም። መንገድ ተዘግቶ መኪና ሦስት ሳምንት ሲቆምም እንደዚያው። እንዲያውም እንዲህ ባለ ጊዜ የአጎቴ ሒሳብ ላይ ሌላ ነገር ይገባል፤ ጤፉ ሳይሸጥ ይቆማል፣ ወለዱ ግን አይቆምም። ባንኩ መንገድ ተዘግቷል ብሎ የአንድ ቀን ወለድ አይተውም።

ታዲያ የዋጋ መናሩ ከገንዘብ መብዛት ነው ወይስ ከእህል መጥፋት ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ይኖራል። እህሉን ብቻ ሳይሆን ሌላውን ሁሉ አይቼ ነው የምለየው። ጤፍ ብቻ ተወዶ ቆርቆሮው፣ ጫማው፣ የቤት ኪራዩ፣ የፀጉር ማስተካከያው ባለበት ከቆመ፣ ችግሩ ጤፉ ጋ ነው፤ ወለድ ቢጨመር ነጋዴውን ከማስጨነቅ በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። ሁሉም በአንድ ላይ ከሄደ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር በየሦስት ወሩ ከጨመረ፣ ያኔ ብሩ ነው የረከሰው። ያኔ ወለድ ሥራ አለው። በ2014 እና 2015 ፀጉር አስተካካዬ ሦስት ጊዜ ጨምሮብኛል።

ጥር 2017 ላይ አጎቴ እንደ ልማዳቸው ገዙ፣ ግን ከወትሮው ያነሰ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ከግማሽ በላዩን አውጥተው ሸጡና ኦቨርድራፍቱን ዝቅ አደረጉት። የቀረውን ለክረምት አስቀሩ። ሐምሌ ላይ ስሄድ መጋዘኑ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው፣ ደብተራቸው ጉልበታቸው ላይ። ድሮ ሦስት መስመር ነበረው፤ የገዙበት፣ የሸጡበት፣ የማን መሆኑ። አሁን አራተኛ መስመር ጨምረዋል። ከላዩ «ወለድ በወር» ብለው ጽፈውበታል፣ ከሥሩ 167።

ምን እንደሆነ ገባኝ። አሥር ሺህ ብር፣ በ20 ከመቶ፣ ለአሥራ ሁለት ተካፍሎ።

«አያ፣ የቀረውን ይሸጡታል ወይስ እስከ መስከረም ይቆያል?» አልኳቸው።

ወደ መጋዘኑ ዞር ብለው አዩ። «እያንዳንዱ ጆንያ በወር 167 ብር ይበላል» አሉ። «ቆሞ! አያርስ፣ አይጎትት። በሬ እንኳ ሲበላ ያርስልሃል።»

ከዚያ ተነሱና ለደላላው ደወሉ።